አንድ ጣሳም ቢሆን

ታረቀኝ በዲላ ከተማ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የደብዳቤ አርቃቂ ነበር፤ ያውም ስመ ጥር! አንዱ ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ገጽ ካልሄደለት የጻፈ አይመስለውም። አለቆቹ «ብዕሩ ይባረክ» ይሉታል፣ እሱም ይህችን ይወዳታል።

በስልሳ ሦስት ዓ.ም. ነው፣ አንድ ሌባ ከአንድ ባለእርሻ መጋዘን የዘር በቆሎ አውጥቶ የሰኞ ገበያ ላይ ቸረቸረው። በቆሎው ተባይ እንዳይበላው በመርዝ የታሸ ነው። እንዲለይም ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ወሬው ሲሰማ ለሬዲዮ ማስታወቂያ እንዲጻፍ ታዘዘ፣ ታረቀኝም እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። «ለዘር አገልግሎት ተብሎ በፀረ ተባይ መድኃኒት ከታሸው በቆሎ ውስጥ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣው አሥራ ሰባት ኩንታል ከሃምሳ ኪሎ ለገበያ ቀርቦ የተሸጠ በመሆኑ፣ ከዚሁ እህል የገዛ ማንኛውም ግለሰብ ለምግብነት ከመገልገል እንዲቆጠብ በጥብቅ ይገለጻል።» በስልክ ለአዲስ አበባ ተነገረ፤ ረቡዕ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተነበበ። ታረቀኝ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሰማውና ደስ አለው።

ሐሙስ ጠዋት የክሊኒኩ ድሬሰር ሙሉካ ቢሮው ገባ። ዓይኑ ቀልቷል።

«የማሚቱ ልጅ ትናንት ማታ እጄ ላይ ሞተች» አለ። «ስድስት ዓመቷ ነው። ስትንቀጠቀጥ መያዝ እንጂ ሌላ ምንም አልቻልኩም። ቀዩን በቆሎ ነው የበላችው።»

«ማስታወቂያው ተነግሮ የለም እንዴ!»

«እናትየው ሰምታለች። ተነስ፣ ራስዋ ትንገርህ።»

የለቅሶው ድንኳን ከሀዲጃ ሻይ ቤት ጎን ነው። ሀዲጃ ለሐዘኑ ብላ ሬዲዮዋን ዘግታለች። ማሚቱ ከሰሌን ላይ አልተነሳችም።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለች። «አሥራ ሰባት ኩንታል ምናምን አሉ። እኔ የገዛሁት አንድ ጣሳ ነው። የነጋዴዎች ጉዳይ መሰለኝ። ደግሞ ቀይ መሆኑን አላሉም። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ቀቀልኩላት።»

ታረቀኝ ማስታወቂያውን ያረቀቀበትን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ጨመደደው። ወይ አለመታደል! ያ የሚመካበት ቁጥር ለማን ነበር የተጻፈው? ለአለቃው ነዋ! ለሪፖርት!

«ጆሮ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም» አለው ሙሉካ ቆጣ ብሎ። «አንዴ ካለፈው አለፈው።»

እዚያው ድንኳኑ ውስጥ በእርሳስ ጀመረ። አንድ መስመር ይጽፋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለለቀስተኛው ያነባል፣ «ምን አልኩ?» ይላል። ያልደገሙለትን ይሰርዛል። «ግለሰብ» ጠፋ። «ይገለጻል» ጠፋ። ኩንታሉን ሰረዘና «አንድ ጣሳ» አለ። አማርኛው ብዙም የማይሆንላቸው ከቡሌ ገጠር ለለቅሶ የመጡ አንድ ሽማግሌ እሱ ሲያነብ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና «መጀመሪያ ጥራን» አሉት። «ቡሌ ካላልክ ለኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

«መታጠቡንም ይጨምሩበት» አለች ማሚቱ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቢሮ ሲመለስ አለቃው አዲሱን ወረቀት አይተው «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው! አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ?» ብለው ተቆጡ። ታረቀኝ በዕድሜው ተከራክሯቸው አያውቅም። የፊተኛውን አንዴ አነበበላቸውና «እስቲ ይድገሙልኝ፣ ጌታዬ» አለ። ከ«አሥራ ሰባት ኩንታል» ወዲያ አልሄደላቸውም። አዲሱን አነበበ፤ ደገሙት። ፈረሙም። ታረቀኝም ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ለአዲስ አበባው ሰው ቃል በቃል አጻፈው፣ መልሶም አስነበበው።

ሰባት ሰዓት ሲቀርብ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ሀዲጃ ሬዲዮውን ለመክፈት ፈራች። ማሚቱ ራስዋ «ክፈቺው» አለቻት።

«የዲላ ሰዎች፣ ስሙ። የቡሌ ሰዎች፣ ስሙ። ሰኞ ዲላ ገበያ በቆሎ የገዛችሁ፣ ስሙ። በቆሎው ቀይ ከሆነ አትብሉት። መርዝ ነው። አንድ ጣሳም ቢሆን አትብሉት። ቢታጠብም መርዝ ነው። ቢቀቀልም መርዝ ነው። ለከብት አትስጡ። ለዶሮ አትስጡ። ቅበሩት። አንድ ልጅ በልታ ሞታለች። ቀዩን በቆሎ አትብሉት።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ይርጉ የሚባል ጭነት አውራጅ ብርጭቆውን ጣለ። «ሚስቴ ጥዳዋለች!» ብሎ ጮኸና የጫማውን አንዱን እግር ብቻ አጥልቆ ወደ ቤቱ በረረ። ሰው ሁሉ ከኋላው ያያል። ሙሉካም የመድኃኒት ቦርሳውን አንስቶ ተከተለው።

ታረቀኝ ማሚቱን ለማየት አፈረ። እሷ ግን ሰውዬው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

«ትናንት እንዲህ ቢሉኝ» አለች፣ «እኔም እሮጥ ነበር።»