ሚስማር ላይ ያለችው

አናጢ መሆን የፈለግሁት በንዴት ነው። ሺሺንዳ የእናቴን ቤት በር የሠራልን ሰውዬ፣ በሩ አልገጥም ሲለው ቤቱን ወቀሰ። «ግድግዳችሁ ነው ጠማማው» ብሎን ሄደ። እናቴ ያን ክረምት በሩን በድንጋይ እያስደገፈች ስታድር፣ ሙያውን ተምሬ እዚሁ ሺሺንዳ የራሴን ወርክሾፕ እከፍታለሁ ብዬ ማልኩ። እናቴ ሳቀችብኝ። ሴት አናጢ አይታ አታውቅም ነበር፤ እኔም ብሆን አላየሁም።

ያኔ «በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ቦንጋ የሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር ሴት አባል ጎድሎታል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ለኮታ እንደፈለጉኝ ይገባኛል፤ ግድ አልነበረኝም። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጋሼ የምንለው አናጢ፣ «አንድ ቀፎ ከወለሉ እስከ ክዳኑ ብቻሽን ስትጨርሺ አናጢ ነሽ» አለኝ። የመጣሁትም ለዚህ ነበር።

ዋናው ሥራችን ዘመናዊ ቀፎ ነበር። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ያዘናል፣ እኛ እንሠራለን፣ ቀፎው ለገበሬዎች ይከፋፈላል። ሳጥን ነው፤ ውስጡ ንቡ ማሩን የሚሠራባቸው ፍሬሞች ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ። የፍሬሙ የላይኛው እንጨት ጫፍና ጫፉ በሳጥኑ ከንፈር ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቀፎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራ ነበር፤ እኔም ከጋሼ ጎን ቆሜ መቁረጡንም መላጉንም ትንሽ ትንሽ ጀምሬ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወርክሾፑ ገበያ ይመስል ነበር። ደህናው መጋዝ አንድ ነው፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። መጋዙን ያስቀመጠ መላጊያ ፍለጋ ይዞራል፤ መላጊያውን ሲያገኝ መዶሻው የለም። ሚስማር ከሰጋቱራ ውስጥ እንለቅማለን። ከዚህ የባሰው ደግሞ የአንዱ ፍሬም የሌላው ሳጥን ውስጥ አለመግባቱ ነበር። አንድ የማንኪራ ንብ አርቢ ሁለት ቀፎ አሸክሞ መጣና ፊታችን አስቀመጠው። «ከዚህ አንስቼ እዚያ ላስገባ ብል እምቢ አለኝ። ሁለት አገር ነው እንዴ የተሠራው?» አለን። 

ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀው ሰብሳቢያችን ሥራውን የከፋፈለው ያን ሳምንት ነው። አንዱ መጋዝ ላይ፣ አንዱ መላጊያ ላይ፣ ጋሼ ሳጥን መግጠም፣ አንዱ ክዳንና ወለል። እኔን ፍሬሙን በሚስማር መምታት ላይ አስቀመጠኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» አለ። ጌጥነቱ ልክ ነው። አንዷን ሎሚ ይዞ ብቻውን ቤቱ የሚገባው ሰው ምን እንደሚያደርጋት ግን ተረቱ አይናገርም።

ሠራ። ይህን መካድ አልችልም። መሣሪያው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ መዞሩን ተወ፤ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ልክ የሚያወጣው አንድ ሰው ስለሆነ የትኛውም ፍሬም የትኛውም ሳጥን ውስጥ ይገባል። እኔም ፍሬሙን ሳይነቃነቅ የምይዝበት የእንጨት ቅርጽ ጠረጴዛዬ ላይ መታሁ፤ አራቱን እንጨት አስገባለሁ፣ ኮላ፣ ሚስማር፣ ወደ ጎን። ትንሽ ቆይቶ እጄ ራሱ ያውቀው ጀመር። ዓይኔን ሳላሳርፍ ሚስማሩ ቀጥ ብሎ ይገባል። ድሮ አንድ ቀፎ በሚወጣበት ጊዜ አሁን ብዙ ይወጣል፤ ሰው አልጨመርን፣ መጋዝ አልጨመርን። ከዋጫ ሳይቀር ሌሎች ማኅበራት ልምድ ልውውጥ ብለው መጡና እኔ ጋ ቆመው አጨበጨቡ። ደስ አለኝ፤ ለምን ይዋሻል።

ግን ወራቱ ሄደ፤ እኔ ሚስማር ላይ ነኝ። «መጋዝ ላይ አንድ ሳምንት አስገቡኝ» አልኳቸው። ሰብሳቢው «ይደርሳል» አለኝ። መላጊያ ላይ ያለው ልጅ ግን ፊት ለፊት ተናገረኝ፤ «አንቺ ስትማሪ እኛ ጾማችንን እንደር? አንቺን የሚያህል ፍሬም የሚመታ ከየት እናምጣ?» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ስሌት ነው። ሚስማር ላይ በጎበዝኩ ቁጥር ከዚያ እኔን ማንሳት ይበልጥ ያከስራል። ጎበዝ በመሆኔ ታሰርኩ። ማታ ማታ እየተብሰለሰልኩ ነበር የምተኛው።

ለጋሼ ነገርኩት። «እኔማ ቤቴ ገብቼ በርጩማም ቢሆን እሠራለሁ፤ እጄ እንዳይረሳ ነው» አለኝ። እኔ ግን የሚረሳ ነገር ገና አልነበረኝም።

ከዚያ መጋዝ ላይ ያለው ሰው ወባ ያዘውና ተኛ። የተቆረጠ እንጨት ከረፋዱ አለቀ፤ መላጊያው ቆመ፣ እኔ ቆምኩ፣ ወርክሾፑ በሙሉ ጸጥ አለ። አንዱ ሲጎድል ሁሉም እንደሚጎድል ያን ቀን አየን። «እኔ ልቁረጥ» አልኩ። ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው መጋዙን ሰጡኝ።

የፍሬሙን የላይኛውን እንጨት መቁረጥ ጀመርኩ። መጋዝ ላይ የነበረው ሰው ሁልጊዜ የሚለካበት አንድ ናሙና እንጨት ነበረው። እኔ ያንን አላወቅሁም፤ አሁን የቆረጥኩትን አንስቼ ቀጣዩን በእሱ ለካሁ፣ ያንንም አንስቼ የሚቀጥለውን። የመጋዙ ጥርስ የሚበላውን አላሰብኩም። እያንዳንዱ ከቀደመው ትንሽ እያጠረ ሄደ። ጋሼ መጨረሻ ላይ የሠራሁትን አንድ ፍሬም ሳጥን ላይ ሲያንጠለጥለው ከንፈሩን ሳይነካ ወርዶ ታች ተቀመጠ። አንዱ ሳቀ። ያ ሁሉ የዋንዛ እንጨት ለማገዶ ሆነ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራና ማንም ከቦታው እንዳይነሳ ተወሰነ። እጅ ሲወጣ ጋሼ እንኳ ወደ መሬት እያየ አወጣ። እኔም አወጣሁ። ምን ልበል?

ትዕዛዙ በመጨረሻ ቀረ። ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ዕቅድ ያዘ፣ እኛ ጥቂት ተጨቃጭቀን ተበተንን። አብረን ስንቆም ከቦንጋ የሚስተካከለን አልነበረም፤ ስንለያይ ከጋሼ በቀር አንድ ሙሉ ቀፎ ብቻውን መሥራት ያልረሳ አልተገኘም። እናቴ «እንግዲህ ሺሺንዳ ነይና ወርክሾፕሽን ክፈቺያ» ብላ ላከችብኝ። እመጣለሁ አልኳት፤ አልሄድኩም።

ቦንጋ ወደሚገኝ አንድ የግል ወርክሾፕ ሄድኩ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«ምን ትችያለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አናጢ ነኝ» አልኩ።

ሳንቃ፣ መጋዝና ሜትር ሰጡኝና ለወንበር እግር እንድቆርጥ ነገሩኝ። ለካሁ፤ አሰመርኩ፤ መልሼ ለካሁ። መጋዙን ይዤ ቆምኩ። ያ እያጠረ የሄደው እንጨት ትዝ አለኝ፤ የመስመሩ በየትኛው ጎን እንደሚቆረጥ እጄም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ሰውዬው አልተቆጡም። መጋዙን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና «ከዚህ በፊት የት ነበርሽ?» አሉ።

«ፍሬም ነበር የምመታው።»

መዶሻ አቀበሉኝ። ጥግ ላይ የተቆለለ፣ ገና ያልተገጠመ የመስኮት ወንፊት ክፈፍ ነበር፤ አንዱን አንስቼ መታሁ፣ ሌላውን መታሁ። ሠራተኞቹ ቀና ብለው አዩኝ። «በይ እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ሚስማር ላይ ትሆኛለሽ» አሉ ሰውዬው።

ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ ያ እፎይታ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።