ያልተነበበችው መስመር

የምተዳደረው በግብር ቢሮው በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ የታይፕ መኪና፣ አንድ ጃንጥላ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት አሳምሬ ስለጻፍኩ ምላሴም ብዕሬም ትንሽ ኮርተዋል። ይህን የምለው ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ እንድታውቁልኝ ነው።

ጋሽ መነጽር በር እና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ስሙን ያወጣንለት የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ለቅሶ ቤት ስለሚመጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ያየበት ዐይኑ ከዳውና አምና ሁለቱንም ተራ በተራ ኦፕራሲዮን ሆነ። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ጽሑፍ ግን አያነብም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ልጅ እግር ሠራተኞቹ ሲበይዱ እሱ የብየዳውን ስፌት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «እዚህ ጋ ድገመው» ይል ነበር።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ግብሩ የሚከፈልበት ቀን ደርሶ ስለነበር ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ፤ በደብዳቤ ዐሥር ወር ፈቀዱለት። በዐሥረኛው ወር ጄኔሬተሩን ሸጦ ሙሉውን ከፈለ። ዘንድሮ የንግድ ፈቃዱን ሊያሳድስ ከግብር ዕዳ ነጻ ነው የሚል ክሊራንስ ሲጠይቅ የዐሥር ወር ወለድ አለብህ አሉት። ክሊራንስ ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ሱቁ የለም፤ የቤቱ አከራይ ለሌላ ሊሰጠው ሰበብ ይፈልግ ነበር።

«ወለድ የሚጀምረው ቀነ ገደቡ ካለፈ ነው አይደል?» አለኝ ደብዳቤውን ከላስቲክ አውጥቶ። «የእኔ ቀነ ገደብ በዐሥር ወር ተገፍቷል። እኔ ደግሞ ሳያልፍ ከፍያለሁ። ታዲያ ይሄ ወለድ ከየት መጣ?»

ደብዳቤውን በቃሉ አነበነበልኝ። እኔም ቀኖቹን አየሁ፣ ማኅተሙን አየሁ፣ በቃኝ። «ይህንማ በአንድ ገጽ ነው የማፈርሰው» ብዬ ቅሬታውን እንደ ጠበቃ ጻፍኩት። ኮራሁበትም።

ውሳኔውን ልንሰማ ሦስት ሆነን ገባን፤ እሱ፣ ክንዱን የያዘችው ባለቤቱና እኔ። የቅሬታ ክፍሏ ወጣት ሠራተኛ ትሑት ናት። ማመልከቻዬን ጨርሳ አንብባ ደብዳቤውን ተቀበለችው።

«አባቴ፣ ጊዜ የተሰጠዎት ቅጣት እንዳይጣልብዎት፣ ንብረትዎም እንዳይያዝ ነው። ወለዱ ግን ግብሩ መጀመሪያ መከፈል ከነበረበት ቀን ማግስት ጀምሮ እስከከፈሉበት ቀን ይቆጠራል። የጊዜው መራዘም ያንን ቀን አይለውጠውም።»

«ልጄ፣ ማን ነገረኝ ታዲያ?»

«እዚሁ ተጽፏል።» ጣቷን ከፊርማው በላይ ባለችው መስመር ላይ አድርጋ አነበበችለት። «የተሰጠው ጊዜ ወለድ መታሰብ የሚጀምርበትን ቀን አይለውጥም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መስመሯ ከማኅተሙ አንድ ጣት ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አላነበብኳትም።

ጋሽ መነጽር ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። ደብዳቤው ሲመጣ ዐይኑ ገና ታሽጎ ነበር፤ ያነበበችለት እሷ ናት። በቃሉ የያዘውም ከእሷ አፍ ነው።

«ይቺን አላነበብሽልኝም።»

እሷ ነጠላዋን ጠቅልላ በእጇ ጨበጠች። «አላነበብኩልህም» አለች። «ባነብልህ ኖሮ ለሁለተኛው ዐይን ባስቀመጥነው ብር ግብሩን ትከፍልበት ነበር። ‹አንዱ ይበቃኛል› ትል ነበር። አላውቅህም እንዴ?»

«ሁለተኛውስ ዳነ?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ልጅቷ በይግባኝ መሄድ እንደሚችል፣ ወለዱን ለመሰረዝ ግን እሷ ሥልጣን እንደሌላት ቀስ ብላ ነገረችው። እሱ አመስግኗት ተነሣ። ሚስቱ ክንዱን ልትይዝ ስትዘረጋ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ደረጃውን በግድግዳው ተመርቶ ወረደ፤ እሷ ሁለት ደረጃ ከኋላው ነበረች።

ወለዱን የሚከፍልበት አላገኘም። በወሩ መጨረሻ ሱቁ ተዘጋ። ሁለቱ ሠራተኞች ሌላ ቦታ ገቡ፤ የብየዳ ማሽኑንና መዶሻውን የገዛው አከራዩ ነው።

አሁን የሐኪም ቤት ወረቀት፣ የመብራት ቢል፣ ከልጁ የሚመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። ሚስቱ እስከ ጃንጥላዬ ድረስ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ ማዶ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው እሷ ሆና የቤታቸውን ወረቀት የማነብለት እኔ ነኝ።

«ሁሉንም አንብብልኝ» ይለኛል ወንበሬን እየዳሰሰ። «አንተ እንኳ መስመር አትዘልም።»

እኔም አነብለታለሁ። ቅሬታውን የጻፍኩ ዕለት ያቺን መስመር እኔም እንዳላነበብኳት እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።