ማን አየው?

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መብረቅ ይሏታል። ቤት ለቤት ነርስ የሚልክ መሥሪያ ቤት ነው። የማን ጉብኝት ይቀጥል፣ የማን ይቁም የሚለውን ኮምፒውተሩ ይወስናል፤ እሷ ደግሞ «ሰው ገምግሞታል» እንዲባል ትመረምራለች፣ መመርመር ከተባለ። ውሳኔው ከላይ በቀይ ተጽፎ ይመጣል። ለመስማማት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ አልስማማም ያለ ግን ረጅም ማብራሪያ ይጽፋል፣ የኃላፊውንም ፈቃድ ለማግኘት ደጅ ይጠናል። ታዲያ ማን መከራውን ይበላል? መብረቅ ቀዩን ገና ሳታነበው ጣቷ ይጫናል። ኃላፊውም በየስብሰባው ያመሰግናታል።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መስኮቱ ጋ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ የባለቤቴን ነርስ ለምን አስቀራችሁብን? የእግሩ ቁስል መሽተት ጀምሯል።»

ፋይሉን ከፈተች። ኮምፒውተሩ ሰውየው መደወል ስላቆሙ ተሽሏቸዋል ብሎ ገምቷል። ከታች የነርሷ ማስታወሻ ላይ ግን አንደበታቸው እንደተያዘ፣ የሚስታቸውም ጆሮ ስልክ እንደማይሰማ ተጽፏል። ማን ይደውል? ከማስታወሻው ሥር የአጽዳቂው ስም አለ፤ የራሷ ስም። ፋይሉን ማየቷ ትዝ አላላትም፣ እሱ ነው ያስደነገጣት።

«ለመሆኑ ሰው አይቶታል?» አሉ አሮጊቷ።

ነርስ ወዲያው አስላከች፤ ግን ረፍዶ ነበር፣ የሽማግሌው እግር ተቆረጠ።

ኃላፊው ዘንድ ገብታ ከእንግዲህ ፋይሉ ሳይነበብ አይጽደቅ አለችው። «ሥራ ልታጓትቺ ነው» አላት። «ኮምፒውተሩ ከኛ ይሻላል እኮ።»

«ይሻል ይሆናል። ሁሌ እሺ ካልነው ግን ሲሳሳት በምን እናውቃለን?»

ባልደረቦቿ ራሳቸው ያጸደቋቸውን አሮጌ ፋይሎች፣ ቀዩን ሸፍና መልሳ አስነበበቻቸው። በብዙዎቹ ላይ አሁን ተቃራኒውን ፈረዱ። ታማሚዎቹ ቤት ሄደው ሲያጣሩም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ኮምፒውተሩ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲህ ገምጋሚው መጀመሪያ ፋይሉን አንብቦ የራሱን ፍርድ ከነምክንያቱ ይጽፋል፤ ቀዩ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። የተስማማም ያልተስማማም እኩል ይጽፋል፣ ውሳኔውን ለመሻርም ማንንም አያስፈቅድም። ግምገማው ሳያልቅ የማንም ነርስ አትቀርም። አልፎ አልፎም ሆን ተብሎ የተሳሳተ ውሳኔ ይደባለቅባቸዋል፣ ያንቀላፋ እንዲታወቅ። መብረቅ ራሷ ትክክለኛ ፍርዷን ሰርዛ ወደ ቀዩ ስትዞር ተያዘች። ጓደኞቿ ሳቁባት፤ እሷ ግን ማልቀስ ነው ያማራት።

ወራት አልፈው የሽማግሌው ፋይል ተመልሶ መጣ። የራሷን «ይቀጥል» ጽፋ ስትጨርስ ቀዩ ተገለጠ፦ የእግር ቁስል የለም፣ ጉብኝቱ ይቁም። እግሩ ሳይኖር ቁስሉ ከየት ይምጣ! ውሳኔውን ሻረችውና ወደ ቤታቸው ሄደች።

«የአሁኑን ያየሽው አንቺ ነሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«አዎ፣ እማማ» አለች፣ እንዲሰሟት ጠጋ ብላ።

«የዚያን ጊዜውንስ?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ያየው ግን ማንም የለም።»

ሽማግሌው ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩዋታል። አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ከባላቸው ጉልበት ላይ ገለጡት።

«እንግዲያው አሁን እዪው» አሏት።