ያልተፈጠረው ፕሪንተር

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚላት። ግማሽ ዕድሜዋን ሒሳብ አስተምራለች። ድምፅዋ እየሻከረ ሲሄድ ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ክፍል ገብተሽ ከጮኽሽ ድምፅሽን ተሰናበቺው» አላት። ሳይጮኹ ሒሳብ ማስተማር ደግሞ እሷ አይሆንላትም። ስለዚህ በአርባዎቹ ዕድሜዋ፣ ተማሪዎቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጎን ተቀምጣ፣ ኮምፒውተር የሚታዘዝበትን ጃቫ የሚባል ቋንቋ ተማረች። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ «እማማ ኮምፒውተር» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ ፈተና ሲደርስ ግን ከጎኗ ለመቀመጥ ይጋፉ ጀመር።

አሁን ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ባሉ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ለክሊኒኮች ፕሮግራም ትጽፋለች። ሥራው ይስማማታል፤ ኮምፒውተር ዐይኑን አያጉረጠርጥም፣ ስሕተትህን ይነግርሃል፣ ያበቃል። እሷ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷን ዐይን ሐኪም ዘንድ ልትወስድ ፈቃድ ጠይቃለች። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሞራ ዐይናቸውን ጋርዶት እንኳን መንገድ የገዛ ጫማቸውን መለየት አቅቷቸዋል። ቀጠሮው የተገኘው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ነው።

ጠዋት ገና ቦርሳዋን ከማስቀመጧ ስልኩ ጮኸ። የክሊኒኩ የላቦራቶሪ ኀላፊ ናቸው፤ እጃቸው ለደም ረጋ ያለ፣ ምላሳቸው ግን ለማንም የማይመለስ ሴትዮ።

«ልጄ፣ ይሄ ፕሮግራማችሁ ዛሬም ተዘረረ! ሰው እየመዘገብኩ ሳለ ድርግም አለ።»

«ከመዘጋቱ በፊት ምን ጻፈ፣ እትዬ?»

«ነል... ፖይንተር... ኤክሴፕሽን ይላል። ቁጥርም አለው። የማን ስድብ ነው ይሄ?»

ቲቸር ሳቀች። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቋ እሱ ነበር። የመስመሩን ቁጥር ተቀብላ ፕሮግራሙን ከፈተች። መስመሩ ላይ አንድ ትእዛዝ አለ፦ ፕሪንተሩ የበሽተኛውን ስም ይዞ፣ በደሙ ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት እንዲያትም ያዛል። ነል ማለት ምንም ማለት ነው። የተጠራው ነገር በቦታው የለም። ግን የትኛው ነው የሌለው? በሽተኛው ነው ወይስ ፕሪንተሩ? የክሊኒኩ ጃቫ አሮጌ ስለሆነ መስመሩን እንጂ የጎደለውን አይናገርም። ከዚያ በታች ትእዛዙ በየት በየት በኩል እንደመጣ የሚያሳየው ዝርዝር ቢኖር ነገሩ ባልከበዳት። ዝርዝሩን ግን ሥራ አስኪያጁ «ደንበኛ ታስደነግጣላችሁ» ብሎ ከመስኮቱ ላይ አስቆርጦታል።

ራሷ እንደ በሽተኛ ተመዘገበች፤ ሠራ። ደገመች፤ አሁንም ሠራ። እንግዲህ ችግሩ ከበሽተኞቹ መረጃ ነው ብላ፣ ስሙ የጎደለ፣ ግማሹ የተሰረዘ መዝገብ ፍለጋ ገባች። ጠዋቱ በዚያ አለቀ። የሁሉም ስም አለ፤ የሁሉም የአባት ስም አለ። አንገቷ ደነዘዘ፤ ያስቀመጠችው ሻይ ቀዘቀዘ።

«እኔ ጋ ይሠራል» አለ ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ባልደረባዋ። በክረምትም በበጋም ኮፍያ ስለማያወልቅ ባለኮፍያው ይሉታል።

«እኔም ጋ ይሠራል! እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

ሥራ አስኪያጁ ይሄን ጊዜ ብቅ አለ። ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጥድፊያ ነፍሱ ነው። ቅጽል ስሙም «ቶሎ በሉ» ነው።

«ቲቸር፣ ክሊኒኩ ሦስቴ ደወለልኝ። ምን ላይ ደረስሽ?»

«አንዱ ነገር ሳይፈጠር ተጠርቷል። የት እንዳልተፈጠረ ነው የምፈልገው።»

«ሳይፈጠር የተጠራ ነገር ምንድነው? በሰው ቋንቋ ንገሪኝ።»

«በር ላይ "የዘበኛ ቦታ" ብለህ ወንበር አስቀመጥክ እንበል። ዘበኛ ግን አልቀጠርክም። ሌላው ሰው መጥቶ ወንበሩን "በሩን ክፈት!" ቢለው ማን ይከፍታል? ፕሮግራሙ የወደቀው እዚያ ላይ ነው። የሚነግረን የተጣራንበትን ቦታ ነው። ዘበኛውን መቅጠር የነበረብን ግን ሌላ ቦታ ነው።»

«እና ዘበኛ ከሌለ ዝም ብሎ ይለፍ በሉዋ!»

«ባዶ ካልሆነ ብቻ አትም ብለን ማሰር እንችላለን» አለ ባለኮፍያው ፈጠን ብሎ። «አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«አይሆንም» አለች ቲቸር። «ያኔ መውደቁን ያቆማል እንጂ ሥራውን አይሠራም። በሽታውን ትተን ሳሉን ማፈን ነው።»

«ሳሉ ይታፈንልኝ» አለ ቶሎ በሉ። «በሽታውን ነገ ታክሚዋለሽ። አንቺም ዛሬ ትወጫለሽ አይደል?»

እውነቱን ለመናገር እሱ የመጨረሻው ቃል አሸነፋት። ሰዓቷን አየች፤ አባቷን አሰበች፤ ዝም አለች። ባለኮፍያው ጽፎ ላከው። ፕሮግራሙ መዘረሩን አቆመ፤ ቶሎ በሉም እጁን እያፋተገ ወደ ክፍሉ ገባ።

ቲቸር ደረጃውን ግማሽ እንደወረደች ስልኳ ጮኸ።

«ምን አደረጋችሁኝ?» አሉ ኀላፊዋ። አሁን ቀልድ የለም። «ፕሮግራሙ "ተመዝግቧል" ይላል፤ ምልክቱ ግን አይወጣም! ሁለት ሰው በጥድፊያ ደም ቀድተን ሁለቱም ብልቃጥ ራቁቱን ቀረ። የማን የማን እንደሆነ በምን ልወቅ? ሁለቱንም ደፋሁት። አሁን አንዲት እናት ልጅሽን እንደገና አስወጊልኝ ብዬ ልለምናት ነው።»

ቲቸር የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። የተናደደችው በቶሎ በሉ ነው፣ በባለኮፍያው ነው፣ ከሁሉም ይልቅ ዝም ባለችው በራሷ ነው። እያወቀች!

«መጣሁ፣ እትዬ። ብልቃጡ ላይ ስም ሳይኖር ከማንም አይቅዱ፤ ለጊዜው በእጅ ይጻፉበት።»

ከዚያ አባቷ ጋ ደወለች። ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ሥራ...»

«ግድ የለም፣ የኔ ልጅ። የጎረቤታችንን ልጅ ታክሲ እጠራለሁ። ዐይኔን እንጂ እግሬን አላጣሁም።»

ሄዱም። ግን ሐኪሙ ቤት ሲደርሱ አስተናጋጇ «ጠብታው ከገባልዎ በኋላ ብቻዎን አንሸኝዎትም፤ የቤተሰብ ሰው ይዘው በሚቀጥለው ወር ይምጡ» ብላ መለሰቻቸው። ይህን በስልክ የነገሯት ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ነው። አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

ላቦራቶሪው መድኀኒት መድኀኒት ይሸታል። ኀላፊዋ ሳያናግሯት ከጎናቸው በርጩማ ሳቡላት። ቲቸርም ተቀምጣ እጃቸውን ማየት ጀመረች፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ማድረግ የነበረባት ይህንኑ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ገቡ። ኀላፊዋ መዘገቧቸው። ጥግ ያለው ትንሿ ፕሪንተር አጉረመረመች፤ ምልክቱ ወጣ።

«ይሄው ሠራ!»

«ሲፈልግ ይሠራል» አሉ ኀላፊዋ እያሾፉ። ወዲያው እጁን የተቆረጠ የእንጨት ሠራተኛ በጥድፊያ ገባ። ኀላፊዋ አሁን ሌላ ቁልፍ ነኩ፤ ቀይ፣ «ድንገተኛ» የሚል። ስሙ ተመዘገበ። ፕሪንተሯ ዝም።

ቲቸር ከበርጩማው ተነሳች። «ይሄ ቁልፍ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ሳምንት። ያ ኮፍያ የማያወልቀው ልጅ ነው ያስገባልኝ። ያኔ ነው ጣጣው የጀመረው። ምነው፣ አታውቂውም?»

አታውቀውም። ማንም አልነገራትም። ላፕቶፕዋን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። አንድ ምዝገባ ሲጀመር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የሚዘጋጅበት የፕሮግራም ክፍል አለ፤ እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ተጽፏል። በመጀመሪያው፣ በተራው ምዝገባ፣ በጃቫ «ኒው» በሚባለው ቃል ፕሪንተሩ ይፈጠራል። ባለኮፍያው ለድንገተኛው በጨመረው በሁለተኛው መንገድ ግን የበሽተኛው ስም ብቻ ገብቷል። የፕሪንተሩ ቦታ አለ፤ ስሙ ተጽፏል፤ ፕሪንተሩን የፈጠረው ግን የለም። ጠዋት እሷም እሱም የሞከሩት ተራውን መንገድ ስለነበር ሁሌ ሠራላቸው።

«ወይኔ!» አለች። «አንዲት መስመር!»

መስመሯን ጨመረች፤ ባለኮፍያው ያሰራትን «ባዶ ካልሆነ» የምትል ልጓምም አውጥታ ጣለች። ፕሮግራሙን አድሳ «እትዬ፣ ቀዩን ይንኩት» አለች። ኀላፊዋ በጥርጣሬ ነኩት። ፕሪንተሯ አጉረመረመች፤ የእንጨት ሠራተኛው ስም ነጭ ወረቀት ላይ ወጣ።

«በቃ? ይሄን ለማድረግ ነው ቀኑን ሙሉ ያሰቃየሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ቲቸር፤ እንባዋ ስለመጣ ጎንበስ ብላ የቻርጀሩን ገመድ ጠቀለለች። ኀላፊዋ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ከመሳቢያቸው ብስኩት አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡ።

በማግሥቱ ቶሎ በሉም ያንኑ ጠየቃት፦ «አንድ መስመር ብቻ?»

«መስመሯን ለመጻፍ የፈጀብኝ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነው» አለች ሳትጮኽ። «ቀኑን የበላው የት እንደጎደለች ማግኘቱ ነው። አንተ ዝርዝሩን ባታስቆርጥ፣ እሱ የጨመረውን ቢነግረኝ፣ እኔም ትናንት አይሆንም ብዬ ብጸና ኖሮ ያ ልጅ ሁለቴ አይወጋም ነበር።»

ቶሎ በሉ ዝርዝሩ ወደ መስኮቱ ይመለስ እንደሆነ «እናየዋለን» ብሎ ሄደ፤ የእሱ «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቲቸር ራሷ መለሰችው፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ከዚያ «ባዶ ካልሆነ» የሚለውን ሐረግ በመላው ፕሮግራም ውስጥ ፈለገች። አንዳንዱ በቦታው የገባ ነበር፤ ብዙው ግን እንደ ትናንቱ ሳል ማፈኛ ነው። ክምሩን ስታይ ራሷን ይዛ ቀረች።

ባለኮፍያው ቆሞ አየ። ይቅርታ አላለም፤ እንዲህ ያለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ከጥርስ መንቀል ይብስበታል። ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከየቱ እንጀምር?»

«ከላይኛው» አለች ቲቸር፣ ፊቷን ሳታዞር። «እያንዳንዱን መቼ እንደጻፍከውና ለምን እንደጻፍከው ትነግረኛለህ። አላስታውስም ብትለኝ ደግሞ ዛሬ ምሳ አትበላም።»

የመጀመሪያውን ከፈቱ። ባለኮፍያው ረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ አየው።

«አላስታውስም» አለ።