መስኮቱ ላይ የተጨመረው ጥያቄ

ኢማን ሸምሱ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ከተማ በሚኒባስ መመላለስ ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ኮምፒዩተር የምታጠና ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ለተግባር ልምምድ የመደባት ግን እዚያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር። ታካሚ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ ታወጣለች፤ ከቀትር በኋላ በየቁጥሩ ትመልሳለች። መታወቂያና የጤና መድን ደብተር ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች። ፋታ ስታገኝ ደግሞ የቆዩ ካርዶችን አንድ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ትሞላለች።

«እና ምን ተማርሽ?» ቢላት አባቷ፣

«ማስነጠስ፣ አባ» አለችው። አቧራው የዋዛ አልነበረም።

ነገሩ ቢሰለቻት ለአማካሪ መምህሯ ደውላ አማረረች። መምህሩም በርጋታ እንዲህ አሏት፦ «ደሴ አንድ ቦታ አለ፤ ላዛውርሽ እችላለሁ። ነገር ግን እስከ ዓርብ እዚያው ካርድ ክፍል ውስጥ መልሱን የማታውቂው አንድ ጥያቄ ፈልጊ። ካገኘሽ ቆዪ፤ ካጣሽ ሂጂ።»

ጥያቄ ከመደርደሪያ ይለቀም ይመስል! እንዲያም ሆኖ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗ አላርፍ አለ። ካርድ በመለሰች ቁጥር ትገልጠዋለች። ብዙዎቹ ወፍራም ናቸው። አንዳንዶቹ ግን አንድ ወረቀት ብቻ ይዘው ቀርተዋል፤ አንድ ጊዜ ታክመው ዳግም ያልመጡ ሰዎች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ ስትሞላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሆነው አገኘቻቸው። ድነው ይሆን? አገር ለቀው? ወንዶቹስ ለምን እንዲህ አልጠፉም?

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እነዚህ ልጆች የት ገቡ?» ስትል ጠየቀች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «እኔ ደብቄ ያስቀመጥኳቸው መሰለሽ? አግብተው ሄደው ይሆናላ!»

በገበያው ቀን መስኮቱ በሰው ተጨናነቀ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀርባ ደብተሯንና መታወቂያዋን ሰጠች። ሁለቱም ረቢአ ሰይድ ይላሉ። «ካርድ አለኝ» አለች። «ያኔ እዚህ ስታከም የተወጋሁት መርፌ ሰውነቴን አሳብጦት ነበር፤ ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጽፎታል። እሱ ይውጣልኝ።»

ማንጠግቦሽ ኮምፒዩተሩን ጠየቁ፤ ረቢአ ሰይድ የሚባል የለም። «በአዲስ ቁጥር እንክፈትልሽ።»

ኢማን መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ልታደርግ ማሽኑ ላይ ስታስቀምጥ ፎቶው ላይ ዓይኗ ተተከለ። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«ዓፊያ! የኛ ሰፈሯ ዓፊያ አይደለሽም እንዴ?»

«ኢማን! አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? ወላሂ እኮ አላወቅሁሽም!»

ማንጠግቦሽ ግን ቆጣ አሉ። «እንዴ! ዓፊያ ከሆንሽ የረቢአን ደብተር ማን ሰጠሽ? በሰው መድን ልትታከሚ ነው?»

ዓፊያ ክው አለች። ከኋላዋ የተሰለፉ አንዲት እናት ግን ከት ብለው ሳቁ። «ምን ይላሉ እትዬ! በኛ ዘንድ ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም አታወጣላትም? እኔም በናቴ ቤት ስሜ ሌላ ነበር።»

«አማቴ ናት ረቢአ ያለችኝ» አለች ዓፊያም። «መታወቂያውም ደብተሩም ካገባሁ ወዲህ የወጣ ነው።»

ኢማን ዓፊያ ሰይድ ብላ ፈለገች፤ ሦስት ዓፊያ ሰይድ መጣላት። የትኛዋ ናት? ሠርግ የማይለውጠው ምን አለ? ኮምፒዩተሩ ላይ እሷም ሌላውም ባዶውን የሚያልፉት አንድ ሳጥን ነበር፤ ‹የእናት ስም› ይላል።

«እናትሽ ማን ይባላሉ?»

«የናቴን ስምማ ማን ይነካዋል? ሙሚና።»

ሦስቱንም ካርዶች አወጣች። የአንዱ ሽፋን ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ የእናት ስም ሙሚና ይላል፤ ውስጡም የመርፌው ማስጠንቀቂያ አለ። ዓፊያ ካርዷን ይዛ ወደ ሐኪሙ ገባች።

«እሰይ!» አሉ ማንጠግቦሽ፤ ቁጣቸው ወደ ጉጉት ዞሮ ወንበራቸውን ሳቡ። «እንግዲህ ባለማወቅ ሁለተኛ ካርድ የከፈትንላቸው ካሉ፣ ወረቀቱ ሁሉ ወደ ቀድሞው ቁጥር ይጠቃለላል። በኋለኛው ካርድ ቦታ ‹ወደዚህ ቁጥር ሂድ› የሚል ማመላከቻ ይቀመጣል። የተሰረዘውም ቁጥር ለሌላ ሰው አይሰጥም።»

ዓርብ ጠዋት መምህሩ ደወሉ። «እህ፣ ጥያቄ ተገኘ?»

«ተገኘ፣ ጋሼ። አንድ ወረቀት ይዘው ከቀሩት ካርዶች ስንቶቹ ናቸው እዚሁ መደርደሪያ ላይ በሌላ ስም የሚኖሩት? የእናት ስም በየካርዱ ካልተሞላ አይታወቅም። ቁጭ ብሎ መሙላት ነው።»

«ከባድ ነው። ደሴስ?»

«ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለች ኢማን። መስኮቱ ላይ ሰው ቆሞ ነበርና ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ወደዚያ ዞረች። «አቤት እናቴ፣ ስምዎ ማን ነው? እሺ፤ ከማግባትዎ በፊትስ? የእናትዎስ?»

«ውይ ልጄ፣ ልታጪኝ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

መምህሩ በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ተሰማ።