የአርባ አምስት ወንበር ሒሳብ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የምትቆጥረውን ሴትዮ ሰው ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ለምን» እያለ ነው። አንድ ነገር ካልገባት እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ልብስ ተኳሹ ልጁን ሊድር ሲነሳ ባልደረቦቹን ወደ ሠርጉ የሚያደርሰውን አውቶቡስ ጣጣ ለእሷ ጣሉት።

ተኳሹ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ዘመድ የሚለውም የለው። ሠርጉ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሙሽራው ቤተሰብ ዘንድ ነው። ልጄ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወገን አልባ ትሆንብኛለች የሚለው ፍርሃት ዕረፍት ነስቶት ነበር።

ሆስፒታሉ አውቶቡሱን ያለ ኪራይ ፈቀደ፤ ሌላው ወጪ የተጓዦቹ ሆነ። እትዬ ለምን ሹፌሩን ይዛ አናዘዘችው። ለደርሶ መልስ መቶ ሊትር ነዳጅ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ብር። የሁለት ቀን አበሉ፣ ሺህ ስምንት መቶ። የክፍያ መንገድ፣ ለመሄጃ ሦስት መቶ፣ ለመመለሻ ሦስት መቶ። ድምሩ ለአርባ አምስት ተጓዥ ሲካፈል ለአንድ ሰው ሦስት መቶ ሃያ ወጣ። ዝርዝሩ በሁለት ቀን ሞላ።

በሳምንቱ ግን ዘጠኝ ስም ተሰርዞ ቆያት። ዋጋው አራት መቶ ገባ። ያኔ ሌሎች ስድስት ሰዎች ተወደደብን ብለው ወጡ፤ አራት መቶ ሰማንያ ሆነ። የኋለኞቹስ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ በርካሹ ዋጋ ለምን ሸሹ? እየዞረች ጠየቀች። ሁሉም አንድ ቃል ነገሯት፤ «ራሱ ተኳሹ አትቸገሩ አለን እኮ።»

በቀጥታ ወደ መተኮሻው ክፍል ገባች።

«ምን ነካህ፣ ወንድሜ?»

«በእኔ የተነሳ ሰው ኪሱ ይጎዳ እንዴ? ላቀልላቸው ብዬ ነው» አለ፣ ካውያውን ሳያስቀምጥ።

«ማቅለልህ ነው? አውቶቡሱ አሥር ሰው ጫነ አርባ፣ ነዳጁ ያው ነው። ሹፌሩም አበሉን ጭንቅላት እየቆጠረ አይቀበልም። አንዱን ባስቀረኸው ቁጥር የሱን ድርሻ የቀረነው ላይ ትጭናለህ!»

ካውያውን አስቀመጠ። ደነገጠ፤ አፈረም። ዕድሜውን ሙሉ ማንንም አስቸግሮ የማያውቅ ሰው፣ ባለማስቸገሩ ሰው ማስቸገሩ ግራ አጋባው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለምናቸው።»

ያን ቀን ከሰዓት ከክፍል ክፍል ዞረ። ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እባካችሁ ኑልኝ» አለ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም። ወንበሩ ሞላ፤ ዋጋውም ሦስት መቶ ሃያ ላይ ተመለሰ።

በሠርጉ ቀን ፎቶ አንሺው አዳራሹ መሀል ቆሞ፣ «የሙሽራዋ ቤተሰብ ወደፊት!» ሲል ተጣራ። ተኳሹ እንደ ልማዱ ብቻውን ተነሳ። ከኋላው ወንበር ሲንኳኳ ሰምቶ ዞር ቢል፣ የአውቶቡሱ ሰው በሙሉ ቆሟል።