ከክኒኑ የተረፈው አሲድ

መርሳ ላይ ሁሪያን የማያውቅ ሰው ቢኖር ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ በእሷ ተሞኝቶ አላውቃትም የሚል ነው። ዛሬ የኬሚስትሪ መምህርት ትሁን እንጂ፣ መርሳ አጠገብ፣ ግራና ባደገችበት ሰፈር የምትታወቀው «ያለ እሳት የምታፈላው» ተብላ ነው። ልጅ ሳለች የምድጃ አመድ ላይ ሎሚ ትጨምቅና አረፋው ፍልቅልቅ ሲል የሰፈሩን ልጆች ማንጎ ታስከፍላቸው ነበር። አባቷ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ «እስቲ ለኔም አሳይኝ» አሉ።

ወልድያ ተምራ፣ መምህርት ሆና ስትመለስ አመሏም አብሯት ተመለሰ። ሙከራውን ሳይሠራ መልሱን ከማሸጊያው ላይ አንብቦ የሚጽፍ ተማሪ ከእሷ አያመልጥም። የጨጓራ ክኒን ውስጥ ያለውን ካርቦኔት ለኩ ስትል፣ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሳታስነቃ ግማሽ ክኒን ፈጭታ ትሰጠዋለች። እሱም ከማሸጊያው እንዳነበበው በኩራት «አምስት መቶ ሚሊግራም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ እስኪመረቅ ድረስ ስሙ «ግማሹ» ነው።

ዘንድሮ ግን ቀልድ የማያውቅ ጉዳይ መጣባት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ደምሴ ቤተ ሙከራው የመጻሕፍት መጋዘን ይሁን ብለው ተነሡ። ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። የታሪክ መምህር ናቸው፤ ያለፈውን እንጂ የሚፈላውን አይወዱም። መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታቸው ስለሆነም ሐሳባቸው ሰሚ አላጣም። የወላጅ ኮሚቴው ቅዳሜ መጥቶ የሁሪያን ሥራ አይቶ እዚያው ሊወስን ቀጠሮ ያዘ። ሁሪያ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያቺን ክፍል ከተነጠቀች ሰሌዳ ላይ ብልቃጥ እየሳለች ልታስተምር ነው፤ ይህን ደግሞ ከምንም በላይ ትጠላዋለች።

ዓርብ ጠዋት ለኮሚቴው ማሳያ የገዛቻቸውን የጨጓራ ክኒኖች ሁሉ መዘነች፣ አንድ ላይ ፈጨቻቸው፣ ዱቄቱን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው መጣ። ሱቅ ያላቸው እትየ ማሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አጠገባቸው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሙጃሂድ ተቀመጠ፤ ክኒኖቹ የተገዙት ከእሱ ነው። ጋሽ ደምሴ በበሩ በኩል እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«ይህ ክኒን ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ በቀጥታ ልለካው ብል ያስቸግረኛል» አለች ሁሪያ። «ስለዚህ መጠኑን የማውቀው አሲድ አብዝቼ እሰጠዋለሁ። ካርቦኔቱ የሚችለውን ያህል ይበላል። የተረፈውን አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እለካዋለሁ። ከሰጠሁት ላይ የተረፈውን ስቀንስ የበላው ይታወቃል።»

«የድግስ ቤት ሒሳብ ነው እንግዲህ» አሉ እትየ ማሚቴ። «እንግዳ ስንት እንጀራ በላህ ተብሎ አይጠየቅም፤ መሶቡ ይታያል።»

«እንደሱ ነው እትየ።»

ከብልቃጡ የአንድ ክኒን ክብደት ያህል ዱቄት መዝና ፍላስክ ውስጥ ጨመረች። ሃያ አምስት ሚሊሊትር አሲድ አፈሰሰችበት። «አሁን ይፈላል፣ ተመልከቱ» አለች።

አልፈላም። ዱቄቱ ከሥር ተኝቶ ዝም አለ። ሁሪያ ፍላስኩን ነቅነቅ አደረገችው፤ ያው ነው። እንደ ደንቡ አሞቀችው፣ አቀዘቀዘችው፣ አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያወጣውን ፊኖልፍታሊን ጠብ አደረገችበትና ሃይድሮክሳይዱን የያዘውን ባለመስመር ቱቦ፣ ቡሬቱን፣ ከፈተች። አሲዱና ሃይድሮክሳይዱ እኩል ብርቱ ናቸው፤ ስለዚህ አምስት መቶ ሚሊግራም ካርቦኔት ካለ አሲዱ አሥር ሚሊሊትር ተበልቶ አሥራ አምስት መቅረት አለበት። አሥራ አምስት ላይ ደረሰ፣ ቀለም የለም። ሃያም አለፈ። ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ፈዛዛ ሐምራዊ ሆኖ ቆመ። ከአሲዱ ጠብታ አልተበላም ማለት ነው።

የቡሬቱን መስመር ከእሷ በቀር የሚያነብ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። «አሥራ አምስት» ብትል ሁሉም አጨብጭቦ ይሄዳል፣ ክፍሉም ይተርፋል። ሰይጣን ደግሞ ኬሚስትሪ ባያውቅም ሒሳብ ይችላል፤ ጆሮዋ ሥር መጥቶ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት አላት። ያኔ «ግማሹ» የሚባሉት ልጆች ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አሏት፣ አፈረችም።

«ሃያ አምስት» አለች። «እዚህ ዱቄት ውስጥ ካርቦኔት የለም።»

ሙጃሂድ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሁሪያ፣ ምን ማለትሽ ነው? የሸጥኩልሽ መድኃኒት ውሸት ነው ማለትሽ ነው?»

«የለካሁትን ነው የተናገርኩት፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያውስ ወላሂ ይኼንንም ትለኪዋለሽ።» ከኪሱ የዚያኑ ክኒን እሽግ አወጣ። እትየ ማሚቴ ከእሱ ወንበር ራቅ ማለት መጀመራቸውን አይቷል። ነገ ጠዋት መርሳ ሁሉ ከመድኃኒት ቤቱ ራቅ እንደሚልም ገብቶታል።

ሁሪያ አንዱን ክኒን ፈጨችው። አሲዱ ገና ሲነካው ተንተከተከ። አሞቃ ጋዙን አስወጣች፣ አቀዘቀዘች፣ ለካች። ቀለሙ የመጣው አሥራ አምስትን ጥቂት አልፎ ነው። «አራት መቶ ዘጠና ሚሊግራም ገደማ» አለች፣ ድምፅዋ ተመለሰ። «የሙጃሂድ ክኒን ደኅና ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን ክኒን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ እትየ ማሚቴ።

«እኔ እንጃ። ካርቦኔት እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቀው።»

«እንዴት ካርቦኔት አይሆንም?» አሉ ጋሽ ደምሴ ከበሩ፣ በመምህር ቁጣ። «ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት አይደለም እንዴ? መጽሐፉ ላይ ተጽፎ የለም?»

ጠመኔ የሚል ቃል እስከዚያ ድረስ ከማንም አፍ አልወጣም ነበር። ሁሉም ዞር ብሎ አያቸው። ጋሽ ደምሴም የተናገሩትን ቆይተው ሰሙት።

ሁሪያ ከሰሌዳው ሥር አንድ ስባሪ ጠመኔ አንሥታ አሲድ ውስጥ ጣለችው። ጠመኔው እዚያው ዝም ብሎ ተቀመጠ። «መጽሐፉ የሚለው ከተራራ የሚቆፈረውን ነው፣ ጋሼ» አለች በአክብሮት። «የኛ ሰሌዳ ጠመኔ ጀሶ ነው።»

«ትናንት ምሳ ላይ ዳጣ በርበሬ አብዝቼ» አሉ ጋሽ ደምሴ መሬት መሬት እያዩ። «የጨጓራዬ ቃጠሎ መላወሻ አሳጣኝ። የቁም ሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ዱቄቱን በውኃ በጠበጥኩና ጠጣሁት። ስጨርሰው አፈርኩ። ልዩነት የለውም ብዬ ጠመኔ ፈጭቼ ተካሁበት።»

«ጀሶ በእንጀራ ተቀላቀለ ሲባል ሰምተናል» አሉ እትየ ማሚቴ። «በጨጓራ መድኃኒት ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።»

ሙጃሂድ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ እስኪያነባ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት እትየ ማሚቴ ወንበራቸውን ወደ እሱ መልሰው አስጠጉና ኮስተር አሉ። «ይህ ክፍል መጋዘን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ልጅ፣ ሙጃሂድን፣ ሌባ ብለን ወደየቤታችን በገባን ነበር። በሉ፣ ቤተ ሙከራው ይቆይ የምትሉ እጅ አውጡ።»

ከሁሉም ቀድሞ የወጣው የጋሽ ደምሴ እጅ ነው። ሁሪያ ደስታዋ ዕንባ ሆኖ ሊያመልጣት ደርሶ ነበር፤ ቡሬት የምታጥብ መስላ ፊቷን አዞረች።

«መጻሕፍቱስ?» ጠየቀ ሙጃሂድ። «ዝናብ ይምታቸው?»

የጋሽ ደምሴ ቢሮ ሰፊ፣ ደረቅና ሁለት ቁልፍ ያለው መሆኑን ለኮሚቴው ያስታወሰችው ሁሪያ ናት።